አንድ ጨርቅ፣ ሦስት የአውንስ ቁጥር

ጥያቄ፦ «ቲሸርት የምንሰፋበት ጨርቅ 180 ጂኤስኤም ነው። ገዢው ክብደቱን በአውንስ ንገረኝ ሲለኝ 180ን ለ28.35 አካፍዬ 6.35 አውንስ ብዬ ጻፍኩለት። እሱ ‹ይሄማ 5.3 ነው› አለኝ። ግራ ገብቶኝ ካታሎግ ሳገላብጥ ደግሞ ለዚሁ ዓይነት ቲሸርት 8.8 አውንስ የሚል አገኘሁ። የቱ ነው ትክክሉ? አሰላሉስ እንዴት ነው?»

ምላሽ፦

ገዢዎ ልክ ነው። 180 ጂኤስኤም 5.3 አውንስ ነው። ካታሎጉ ላይ ያዩት 8.8ም ስህተት አይደለም፤ የሚናገረው ግን ስለ ሌላ ዓይነት ያርድ ነው። የተሳሳተው 6.35ቱ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን የስሌት ስህተት የለበትም፣ ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ስሌት ነው።

ከእሱ ልጀምር፤ እሱ ከገባዎት ሌላው ይከተላል።

ጂኤስኤም የምንለው ቁጥር ሁለት ነገር አንድ ላይ ይዟል። አንዱ ክብደት ነው፣ ግራም። ሌላው ስፋት ነው፣ ካሬ ሜትር። ገዢዎ የሚፈልገው ቁጥርም እንደዚሁ ሁለት ነገር አለው፤ አውንስ እና ካሬ ያርድ። እርስዎ ግራሙን ወደ አውንስ ቀየሩት። ካሬ ሜትሩን ግን እንዳለ ተዉት። ስለዚህ 6.35 ማለት «የዚህ ጨርቅ አንድ ካሬ ሜትር 6.35 አውንስ ይመዝናል» ማለት ነው። አዎ፣ ይመዝናል። ግን በጨርቅ ንግድ አውንስን ከካሬ ሜትር ጋር አጣምሮ የሚነጋገር ሰው የለም።

እስቲ በሐሳብዎ አንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ይዘርጉ። እያንዳንዱ ጎኑ 100 ሳንቲ ሜትር ነው። አንድ ያርድ 91.44 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚያ ጨርቅ ላይ ጎኑ 91.44 የሆነ ካሬ ይቁረጡ። በሁለት በኩል ብጣሽ ይተርፋል። ብጣሹ ቀጭን ስለሆነ ትንሽ ይመስላል፣ ግን አይደለም። 0.9144 በ0.9144 ሲባዛ 0.8361 ይመጣል። ካሬ ያርዱ የካሬ ሜትሩ 83.6 በመቶ ብቻ ነው ማለት ነው። ከ16 በመቶ በላይ የሆነው ጨርቅ በብጣሽነት ወጥቷል።

አሁን የቀረውን ካሬ እንመዝነው። ሙሉው 180 ግራም ነበር። 180 በ0.8361 ሲባዛ 150.5 ግራም ይሆናል። ይህን ለ28.35 ሲያካፍሉት 5.31 አውንስ ያገኛሉ። ገዢዎ ያለው ቁጥር ይኸው ነው።

ሁል ጊዜ ሁለት እርምጃ መሄድ ካልፈለጉ ሁለቱን በአንድ ቁጥር መጠቅለል ይቻላል። 28.3495ን ለ0.836127 ሲያካፍሉ 33.9057 ይወጣል። አንድ አውንስ በካሬ ያርድ 33.9057 ጂኤስኤም ነው። ከጂኤስኤም ወደ አውንስ ሲሄዱ ለዚህ ያካፍላሉ፤ ከአውንስ ወደ ጂኤስኤም ሲመለሱ በዚህ ያባዛሉ። ኤክሴል ላይ ጂኤስኤሙ A2 ውስጥ ካለ እንዲህ ይጻፋል፦

```
=A2/33.9057
```

ይህ ቁጥር የሚከራከሩበት አይደለም። በ1959 አሜሪካ፣ ብሪታኒያ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ አንድ ያርድ በትክክል 0.9144 ሜትር፣ አንድ ፓውንድ በትክክል 0.45359237 ኪሎ ግራም እንዲሆን ተስማምተዋል። አውንስ የፓውንድ አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው። ስለዚህ 33.9057 ከየትም አገር ቢሰሉት ያው ነው። ወርቅና ብር የሚመዘንበት ሌላ አውንስ አለ፣ 31.1 ግራም ገደማ ነው፤ ጨርቅ ላይ ቦታ የለውም።

እጅዎ ላይ ማስያ ከሌለ ለ34 ያካፍሉ። 180 ለ34 ሲካፈል 5.29 ይሰጣል፣ ይበቃል። እኔ ስልክ ላይ እያወራሁ የምጠቀምበት ግን ሌላ ነው። ጂኤስኤሙን በ3 አባዛና ለ100 አካፍላለሁ። 180 በ3፣ 540፤ ስለዚህ 5.4። ከእውነተኛው ወደ 1.7 በመቶ ከፍ ይላል፣ ያንን እያወቅኩ ትንሽ ዝቅ አድርጌ አነባለሁ። ለውል አይሆንም። የሰማሁት ቁጥር ጤነኛ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ግን አንድ ሰከንድ አይፈጅም። 6.35 ቢሉኝ ኖሮ ወዲያው እነቃ ነበር።

ሌላው የተለመደ ስህተት ተቃራኒው ነው። ሰውየው ስፋቱ መቀየር እንዳለበት ያውቃል፤ በ0.8361 ማባዛት ሲገባው ግን ያካፍላል። ያኔ 180 ጂኤስኤም 7.59 አውንስ ሆኖ ይወጣል። ይህን ለመያዝ ብጣሾቹን ያስታውሱ። ካሬ ያርድ ከካሬ ሜትር ያነሰ ቁራጭ ስለሆነ ክብደቱም ማነስ አለበት። መጨረሻ ላይ ያገኙት ቁጥር ከ6.35 በላይ ከሆነ በተቃራኒው ሄደዋል።

አሁን ወደ 8.8 እንሂድ። ብዙ ገንዘብና ጨርቅ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው።

ጨርቅ የሚሸጠው በርዝመት ነው። ጣቃው ይተረተራል፣ አንድ ያርድ ይለካል፣ ይቆረጣል። የተቆረጠው ቁራጭ ርዝመቱ አንድ ያርድ ነው፤ ወርዱ ግን የጨርቁ ሙሉ ወርድ ነው። ወርዱ 60 ኢንች ከሆነ ቁራጩ 36 በ60 ኢንች ነው። ይህን ቁራጭ እንዳለ አጥፈው ሚዛን ላይ ቢያስቀምጡት የሚያገኙት ክብደት «አውንስ በሊኒየር ያርድ» ይባላል። ካሬ ያርድ ግን 36 በ36 ኢንች ነው። ሁለቱም ያርድ ይባላሉ፣ ሁለቱም በአውንስ ይጻፋሉ፣ አንዱ ከሌላው በብዙ ይበልጣል።

የእርስዎን ጨርቅ እንሞክረው። በካሬ ያርድ 5.31 አውንስ ነው። ወርዱን 60 ኢንች እንበል። 5.31 በ60 ተባዝቶ ለ36 ሲካፈል 8.85 ይመጣል። ከ5.3 ከተነሱ ደግሞ 8.83። ካታሎጉ 8.8 ያለው ይህንን ነው። ለካናዳ ገበያ በሚዘጋጁ የቲሸርት ዝርዝሮች ላይ ይህን አጻጻፍ ያገኙታል፤ ለአሜሪካ 5.3 የተባለው ያው ቲሸርት እዚያ 8.8 ይባላል። አጠገቡ «L» የምትል አንድ ፊደል ትኖራለች፣ ሊኒየር ለማለት ነው። እሷን ያላየ ሰው ካናዳ ውስጥ በጣም ወፍራም ቲሸርት የሚለበስ ይመስለዋል።

ኤክሴል ላይ ጂኤስኤሙ A2 ውስጥ፣ ወርዱ በኢንች B2 ውስጥ ከሆነ የሊኒየር ያርዱ ክብደት ይህ ነው፦

```
=A2/33.9057*B2/36
```

ልብ ይበሉ፣ ይህ ስሌት ያለ ወርድ አይሠራም። ሊኒየር አውንስ ሲነግሩዎት ወርዱን ካልነገሩዎት ምንም አልነገሩዎትም።

እኔ ይህን የተማርኩት ከባድ በሆነ መንገድ ነው። ጥራት ቁጥጥር ላይ ስሠራ አንድ የሥራ ሱሪ ትዕዛዝ መጣ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «12 አውንስ ትዊል» ብቻ ነበር። እኛ ከዚያ በፊት የምንሠራው ጂንስ ነበር፤ ጂንስ ላይ ደግሞ አውንስ ሲባል የካሬ ያርድ እንደሆነ ሁላችንም ለምደናል። 12 በ33.9 አባዛን፣ 407 ጂኤስኤም ወጣ፣ እሱን የሚያህል ጨርቅ ተገዛ። ናሙናው ሲሰፋ ኦፕሬተሯ መርፌ እየተሰበረባት ተቸገረች። ክር ቀየርን፣ መርፌ ቁጥር ጨመርን። ጨርቁ እንደዚያ መሆን እንደሌለበት ማናችንም አልጠረጠርንም።

ናሙናው ሲደርሳቸው ገዢዎቹ ደነገጡ። እነሱ 12 ያሉት በሊኒየር ያርድ፣ በ60 ኢንች ወርድ ነበር። ያ ደግሞ 12 በ36 ተባዝቶ ለ60 ሲካፈል 7.2 አውንስ በካሬ ያርድ ነው፣ 244 ጂኤስኤም። እኛ የገዛነው 407። የፈለጉት ቀለል ያለ የበጋ ሱሪ ሲሆን እኛ የላክንላቸው ድንኳን የሚሠራበት ዓይነት ነገር ነበር። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ግን ይህ ነው፤ ከትዕዛዙ ጋር አንድ ትንሽ የጨርቅ ቁራጭ በፖስታ ልከውልን ነበር። ፋይል ውስጥ ተቀምጣለች። ማንም አልመዘናትም። ከእሷ ላይ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ቆርጬ ስመዝን 2.45 ግራም ሆነች፣ 245 ጂኤስኤም ማለት ነው። መልሱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እጃችን ላይ ነበር።

ወርዱ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ በዚያው 12 አውንስ ላይ እንየው። ወርዱ 60 ሳይሆን 58 ኢንች ቢሆን ኖሮ ጨርቁ 253 ጂኤስኤም ይሆን ነበር። 45 ኢንች ቢሆን 325። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው በሦስቱም «12 አውንስ» ነው። እጅ ላይ የሚይዙት ግን ሦስት የተለያየ ጨርቅ ነው።

ወርድ ሲባል ደግሞ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ያለው ሙሉ ወርድ ነው። የቆረጣ ክፍል ሰዎች ወርድ ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ የሚናገሩት ለሥራ የሚሆነውን፣ ጠርዙ ተቀንሶ ያለውን ነው። ሚዛኑ ላይ ግን ጠርዙም አብሮ ወጥቷል። ሁለት ኢንች ልዩነት ቀላል ይመስላል፤ 60 ላይ ከ3 በመቶ በላይ ነው።

የእርስዎ ጨርቅ የቲሸርት ጨርቅ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። በክብ ማሽን የሚሠራ ጨርቅ አንዳንዴ ሳይከፈት፣ እንደ ቱቦ ሆኖ ይመጣል። ጠረጴዛ ላይ ሲያስተኙት ወርዱ 30 ኢንች ይለካል። ጨርቁ ግን ድርብ ነው፤ ሲከፈት 60 ኢንች ነው። ቀመሩ ውስጥ የሚገባው 60ው ነው። 30 ብለው ካስገቡ የሊኒየር ክብደቱ በግማሽ አንሶ ይወጣል። ከ8.8 ወደ ካሬ ያርድ ሲመለሱ ደግሞ 5.3 መሆን የሚገባው 10.6 ሆኖ ያስደነግጥዎታል።

ታዲያ አንድ ወረቀት ላይ አውንስ ብቻ ተጽፎ ሲያገኙ የቱ እንደሆነ በምን ያውቃሉ? የጨርቁ ዓይነት ይጠቁማል። ጂንስና ቲሸርት በአብዛኛው የካሬ ያርድ ነው። የሱፍ ሱት ጨርቅ ደግሞ በልማድ የርዝመት ነው። ግን ልማድ ላይ ብቻ አይተማመኑ፤ እኛን የጣለን ልማድ ነው። ወረቀቱ ላይ ግራምም አውንስም ካለ የተሻለ ዘዴ አለ። ግራሙን ለአውንሱ ያካፍሉትና የሚወጣውን ቁጥር ይዩ።

ውጤቱ ወደ 34 ከተጠጋ ሁለቱም የስፋት ክብደት ናቸው፣ ጂኤስኤምና አውንስ በካሬ ያርድ። ችግር የለም። ወደ 31 ከተጠጋ ሁለቱም የርዝመት ክብደት ናቸው። ለምን 31? አንድ አውንስ 28.35 ግራም ነው፣ አንድ ያርድ 0.9144 ሜትር ነው፣ ሲካፈሉ 31 ይመጣል። እዚህ ስፋት የለም፣ ርዝመት ብቻ ስለሆነ ያርዱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚገባው። የሱት ጨርቅ ናሙናዎች ላይ «11 አውንስ፣ 340 ግራም» የሚል ያያሉ። 340 ለ11 ሲካፈል 30.9 ነው። ስለዚህ ያ 340 ጂኤስኤም አይደለም፤ የአንድ ሜትር ርዝመት፣ ሙሉ ወርድ ያለው ጨርቅ ክብደት ነው። ወርዱ 150 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 340ን ለ1.5 ያካፍሉ፤ እውነተኛው ጂኤስኤም 227 ገደማ ነው። 340ን ጂኤስኤም ነው ብሎ ያዘዘ ሰው የሱት ሳይሆን የካፖርት ጨርቅ ይመጣለታል።

ውጤቱ 28 አካባቢ ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው እርስዎ የሠሩትን ስህተት ሠርቷል፤ ግራሙን ቀይሮ ስፋቱን ረስቷል። ወደ 20 ወይም 21 ከወረደ ግራሙ የስፋት፣ አውንሱ የርዝመት ነው ማለት ነው፣ ከ60 ኢንች ወርድ ጋር። 180ን ለ8.8 ሲያካፍሉ 20.5 ነው፤ ካታሎግዎ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ይህን ማካፈል ከብዙ ጥፋት አድኖኛል። አዲስ ወረቀት እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማደርገው እሱን ነው።

ስለ ነጥብ በኋላ ያሉ ቁጥሮችም ትንሽ ልበል። አንድ አውንስ ትልቅ መለኪያ ነው፣ ወደ 34 ጂኤስኤም። ስለዚህ አውንስን ወደ ሙሉ ቁጥር ማጠጋጋት ብዙ ነገር ያጠፋል። «5 አውንስ» ብለው ቢጽፉ ከ153 እስከ 186 ጂኤስኤም ያለው ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባል። ቀጥሎ ያለው ሰው 5ን ተቀብሎ ወደ ጂኤስኤም ሲመልሰው 170 ያገኛል። 180 የነበረው ጨርቅ ማንም ሳይነካው 10 ግራም ጠፋበት። አንድ አሃዝ ከነጥብ በኋላ ይጻፉ፣ 5.3። ያኔ የሚጠፋው ቢበዛ 1.7 ጂኤስኤም ነው። ሁለት አሃዝ፣ 5.31፣ መጻፍ ግን ትርጉም የለውም። በንግዱ የተለመደው የክብደት መቻቻል አምስት በመቶ ወደላይና ወደታች ነው። ለ180 ያ ማለት ከ171 እስከ 189፣ በአውንስ ከ5.0 እስከ 5.6 ነው። ሁለተኛዋ አሃዝ እዚያ ውስጥ ትሰምጣለች። ደግሞም ስሌት በሠሩ ቁጥር ከመጀመሪያው ከተመዘነው ግራም ይነሱ፤ ከተጠጋጋ አውንስ ወደ ግራም፣ ከዚያ እንደገና ወደ አውንስ መመላለስ ስህተቱን ያከማቻል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያ 180 ራሱ ከየት መጣ? ፋብሪካው ከጻፈው ወረቀት ከሆነ ለገዢ ከመላክዎ በፊት ራስዎ ይመዝኑት። ልወጣው ምንም ያህል ትክክል ቢሆን የገባበት ቁጥር ከተሳሳተ ዋጋ የለውም።

ላብራቶሪ ውስጥ ክብ መቁረጫ አለ፤ በአንድ ጊዜ 100 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይቆርጣል። የቁራጩን ግራም በ100 ማባዛት ነው። የእርስዎ ጨርቅ 1.80 ግራም መሆን አለበት። ለዚህ እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን ያስፈልጋል። በወጥ ቤት ሚዛን ይህን ቁራጭ አይመዝኑ፤ ሙሉ ግራም ብቻ ስለሚያነብ 2 ይላል፣ እርስዎም 200 ጂኤስኤም ብለው ይጽፋሉ። ያለዎት ሚዛን እሱ ብቻ ከሆነ ቁራጩን ያሳድጉ። 50 በ50 ሳንቲ ሜትር ይቁረጡ፣ ግራሙን በ4 ያባዙ። 180 ጂኤስኤም የሆነ ጨርቅ 45 ግራም ይላል። ያኔ የሚዛኑ ስህተት ቢበዛ 2 ጂኤስኤም ነው። ትልቅ ቁራጭ ሌላም ጥቅም አለው። 10 በ10 ሲቆርጡ እያንዳንዱ ጎን በ1 ሚሊ ሜትር ቢረዝም ክብደቱ 2 በመቶ ይጨምራል፤ 50 በ50 ላይ ያው 1 ሚሊ ሜትር 0.4 በመቶ ብቻ ነው።

ሲቆርጡ ጨርቁን አይወጥሩ። የቲሸርት ጨርቅ ተለጣጭ ነው፤ ተስቦ ከተቆረጠ ሲለቀቅ ይሰበሰባል፣ ክብደቱም ያነሰ ሆኖ ይነበባል። ጣቃውን ፈትተው ሳይጨናነቅ ያሳድሩት። ከጠርዙ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ገባ ብለው፣ ከተለያየ ቦታ አምስት ቁራጭ ይውሰዱና አማካዩን ይያዙ። አንዱ ቁራጭ ከሌሎቹ በጣም ከራቀ ደግመው ይቁረጡ እንጂ ዝም ብለው አይደምሩት።

ጥጥ እርጥበት ይጠጣል፤ ይህንንም ያስቡበት። ጨርቅ የሚመዘንበት መደበኛ አየር 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድና 65 በመቶ እርጥበት ነው። በዚያ አየር ጥጥ ለእያንዳንዱ 100 ግራም ደረቅ ክብደት 8.5 ግራም ውሃ ይይዛል ተብሎ በንግዱ ይሰላል። ከማድረቂያ ትኩሱን የወጣ ጨርቅ ያን ያህል የለውም። የያዘው 4 ግራም ብቻ ቢሆን 180ው 172 ወይም 173 ሆኖ ይነበባል፣ በአውንስ 5.1። ጨርቁ ያው ነው፣ ውሃው ነው የጎደለው። ፖሊስተር ከሆነ ይህ ጭንቀት የለም ማለት ይቻላል፤ ውሃ እምብዛም አይዝም።

የመጨረሻው ጥያቄ መታጠብ ነው፤ ገዢዎን ሳይጠይቁ አይለፉት። ጨርቁ ሲታጠብ በርዝመቱ 5 በመቶ፣ በወርዱም 5 በመቶ ቢሰበሰብ ስፋቱ በ0.95 ሁለት ጊዜ ይባዛል፤ 0.9025 ይሆናል። ክሩ የትም አልሄደም፤ ያው ክብደት በጠበበ ቦታ ላይ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ 180 ለ0.9025 ተካፍሎ 199 ጂኤስኤም ይሆናል። በአውንስ ከ5.3 ወደ 5.9 ወጣ። ከአምስት በመቶ መቻቻል ውጭ ነው። እርስዎ ሳይታጠብ መዝነው፣ እሱ ታጥቦ ከመዘነ ሁለታችሁም ትክክል ሆናችሁ ትጣላላችሁ።

ስለዚህ ለገዢዎ የላኩትን 6.35 አስተካክለው ዛሬውኑ ይጻፉለት። እኔ ብሆን ይህን እልከው ነበር፦ «ቀደም ሲል የላክሁት 6.35 ስህተት ነው፤ ይቅርታ። የጨርቁ ክብደት 180 ጂኤስኤም፣ 5.3 አውንስ በካሬ ያርድ፣ ሳይታጠብ የተመዘነ፣ መቻቻሉ 5 በመቶ ወደላይና ወደታች። ሙሉ ወርዱ ተከፍቶ 60 ኢንች።» ወርዱን እኔ ለምሳሌ ነው ያስገባሁት፤ የራስዎን ለክተው ይተኩት። ከመልእክቱ ጋር ትንሽ የጨርቅ ቁራጭ በፖስታ ይላኩለት፣ እንዲመዝናትም ይንገሩት።